ለሪህ ሕመምተኛ እራት፦ ዱለቱ ይቅር፣ ሽሮው ይቆይ

ሪህ እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው እራት ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ሥጋው ቀርቷል፣ ምስሩና ሽሮውም «ፕሮቲን አለው» ተብሎ ተከልክሏል። የተረፈው ቅቅል ድንችና ካሮት ነው። ይህን ለወር የሚታገሥ ሰው ብዙም አይገኝም። አንድ ቅዳሜ ዱለቱም ቢራውም ይመለሳል። ሌሊት የእግር አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ አንሶላ እንኳን ሲነካው ያስጮኻል።

ጥፋቱ ሰውየው ላይ ሳይሆን የተሳሳተ ነገር መከልከሉ ላይ ነው። ፒዩሪን በሕይወት ባለ ሴል ሁሉ ውስጥ፣ በተለይም በአስኳሉ፣ ይገኛል። ሰውነት ሲያፈርሰው ዩሪክ አሲድ ይወጣዋል። ኩላሊት ይህን አስወግዶ መጨረስ ሲያቅተው በደም ውስጥ ይከማችና መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ይሠራል። ስለዚህ ሴል የታጨቀበት ምግብ ፒዩሪኑ ብዙ ነው። ጉበትና ኩላሊት በዚህ ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው፤ ጉበት የሚገባበት ዱለትም አብሯቸው ነው። ሳርዲንም እንዲሁ። ወተትና አይብ ግን ሴል የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እንቁላልም ፒዩሪኑ እጅግ ጥቂት ነው።

ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ፒዩሪን አላቸው። ይሁን እንጂ በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ለሪህ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ሲያሳይ፣ ፒዩሪን ያላቸውን አትክልትና ጥራጥሬ በሚበሉት ላይ ግን ይህን አላገኘም። የወተት ተዋጽኦ የሚያዘወትሩት እንዲያውም ተጋላጭነታቸው ያነሰ ነበር። ሽሮውን ከገበታ ለማንሳት ምክንያት የለም ማለት ነው።

እራትን አጥጋቢ የሚያደርገው ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ቁሌቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሁለት ሰው አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍና ያለ ዘይት በዝግተኛ እሳት ማቁላላት ነው። ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ማማሰል። ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ በማንኪያ ሲጫኑት ከፈራረሰ ደርሷል። ያኔ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት ማንኪያ በርበሬ ገብቶ፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በትንሽ በትንሹ ውሃ እየተጨመረበት ይብሰላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤና መከለሻ። ከዚያ አራት የተቀቀለ እንቁላል በቢላ ጫር ጫር አድርጎ ውስጡ መክተት ነው፤ ወጡ የሚዘልቀው በዚያች ጭረት በኩል ነው። ጎኑ ላይ አይብ በጎመን ከቀረበ ዶሮው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም።

ዶሮ ራሱ የግድ አይከለከልም፤ አንድ ብልት በቂ ነው። ግን ልብ የሚባል ነገር አለ። ሥጋ በውሃ ሲቀቀል ፒዩሪኑ ወደ ውሃው ይወጣል። ለዚህ ነው ሕመምተኛን ያበረታል የሚባለው መረቅ ለሪህ የማይመከረው። ወጥ ውስጥ ደግሞ የወጣው ሁሉ ከነመረቁ ይበላል። ብልቱን ለብቻው ለአሥር ደቂቃ ቀቅሎ ውሃውን ደፍቶ ወደ ቁሌቱ ማስገባት የተወሰነውን ፒዩሪን ይቀንሳል። ባለሙያ እናቶች ይህን ሲሰሙ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ጣዕሙም በእርግጥ ትንሽ ይጎድላል።

ለሌሎቹ ምሽቶች ሽሮ ከአይብ ጋር፣ ዱባ ወጥ፣ እንቁላል ፍርፍር ይበቃሉ።

ከምግቡ እኩል የሚያስፈራው ብርጭቆው ነው። አልኮል ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወግድ ያዘገያል፤ ቢራ ደግሞ የራሱን ፒዩሪን ጨምሮ ይመጣል። ጠላም ከእርሾው የተነሳ ከዚሁ ወገን ነው። ሥጋውን ትቶ ለስላሳ የሚጠጣም ብዙ አላተረፈም፤ ስኳሩ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይፈጥራልና። ውሃ፣ ወተትና ስኳር ያልበዛበት ቡና ግን አይከለከሉም።

እራቱ ምን ያህል ይረዳል? ከዩሪክ አሲድ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመነጨው ከሰውነቱ ከራሱ ነው፤ ምግብ የሚነካው የቀረውን ነው። አመጋገብ ብቻውን በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚያወርደው ብዙ ጊዜ በዴሲ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሐኪሞች የሚፈልጉት ከ6 በታች ስለሆነ፣ ምርመራው 9 ያሳየው ሰው የታዘዘለትን አሎፑሪኖል በእንቁላል ወጥ ሊተካው አይችልም። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ብዙዎች «አልተስማማኝም» ብለው የሚያቆሙት ያኔ ነው። ማቆም ሳይሆን ሐኪሙን ማማከር ይሻላል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ የጥራጥሬውንና የአይቡን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።