ነቀምቴ ተቀምጦ በሩቅ ለሚሠራ ሥራ የሚላክ ሲቪ ምን ይዞ ይሂድ?

ባለፉት ጥቂት ወራት ጓደኞቻችን በኢንተርኔት ለሚሠሩ የሩቅ ሥራዎች የላኳቸውን ከሃያ የማያንሱ ሲቪዎች ተቀብለን አንብበናል። ከሞላ ጎደል ሁሉም በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይጀምራሉ፤ «ያለ ተቆጣጣሪ በራሴ ተነሳሽነት እሠራለሁ»፣ «ጥሩ የጽሑፍ ችሎታ አለኝ»፣ «ዙም፣ ጉግል ዶክስና ቴሌግራም እችላለሁ»። ላኪዎቹ አንዱ ከአካውንቲንግ፣ አንዷ ከግብርና፣ ሌላው ከኮምፒዩተር ሳይንስ ናቸው፤ ሆኖም ስሙን በእጃችን ሸፍነን ብናሳያችሁ የማን ሲቪ እንደሆነ ለይታችሁ ልትነግሩን አትችሉም። መልስ ያገኙትም እጅግ ጥቂት ናቸው።

ነገሩን ከቀጣሪው ወገን ሆነን እንመልከተው። የቢሮ አለቃ ሠራተኛው ከወንበሩ መቀመጡን ያያል፤ ሥራው ቢዘገይ ጠርቶ ይጠይቀዋል። በርሊን ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ነቀምቴ ላለ ሰው ሥራ የሚሰጥ አለቃ ግን ከዚያ ሰው የሚደርሰው የጻፈለት ቃልና የተወለት ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈራው ስንፍናን ከመሆን ይልቅ ዝምታን ነው። ሰኞ ሥራ ሰጥቶ እስከ ሐሙስ ድምፅ ካልሰማ ሥራው ይሂድ ይቁም አያውቅም፤ ሌላ ሰው ለመተካትም ጊዜው ያልፍበታል። ራስን ማስተዳደር፣ በጽሑፍ መግባባትና የጋራ የኢንተርኔት መሣሪያዎችን መጠቀም ተብለው በማስታወቂያው ላይ የሚዘረዘሩት ሦስት ነገሮች ለዚህ ለአንዱ ፍርሃት የሚሰጡ መልሶች ናቸው።

ይኸ ፍርሃት ወደ ወለጋ ሲመጣ ከፍ ይላል፤ ምክንያትም አለው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ እኛ ባለንበት በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ደግሞ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የመብራቱንም ነገር ለእናንተ መንገር አያሻንም። ታዲያ አንዳንድ ጓደኞቻችን ይኸን ለመደበቅ ሲሉ በሲቪያቸው ላይ «ፈጣንና የማይቋረጥ ኢንተርኔት አለኝ» ብለው ይጽፋሉ። ይኸ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ምስላቸው ሲቆም ያ ቃል ውሸት ሆኖ ይገኛል፤ የቀረውም የሲቪው ክፍል አብሮት ይወድቃል። መጻፍ ያለበት መስመሩ ሲቋረጥ ምን እንደምናደርግ ነው።

ነገሩ እንዲገባን የአንዲት ጓደኛችንን ሲቪ ይዘን እንሂድ። «የሥራ ልምድ የለኝም» ብላ ነበር የመጣችው። ምን ስትሠራ እንደነበር ጠየቅናት። የመመረቂያ ጥናቷን ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በቡና ገበሬዎች ላይ ሠርታለች፤ እርስዋ ለስድስት ሳምንት ጊምቢ፣ ሁለቱ ነቀምቴ፣ አንዱ ሻምቡ ነበሩ። መጠይቁን በስልካቸው በኮቦኮሌክት ሞሉ፤ ይኸ ፕሮግራም ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተሞላውን ቅጽ በስልኩ ላይ አስቀምጦ መስመር ሲገኝ ይልካል። ሁሉም የገባበትን የጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ የምታስተካክለው እርስዋ ነበረች። ስድስቱን ሳምንት በአካል የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ይኸ የሩቅ ሥራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እርስዋ ግን በሲቪዋ ላይ በአንድ መስመር «የመመረቂያ ጽሑፍ፤ ውጤት ኤ» ብላ አልፋዋለች።

ራስን ስለማስተዳደር የሚናገረውን መስመር እንዲህ አድርገን ከእርስዋ ጋር ጻፍነው፦ «በሦስት ከተሞች የተቀመጡ አራት ሰዎች ያደረጉትን የስድስት ሳምንት የመረጃ ስብሰባ መርሐ ግብር አዘጋጀሁ፤ በየቅዳሜው የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ ላክሁ፤ ከስድስቱ ዘገባዎች አምስቱ በቀናቸው፣ አንዱ በመስመር መቋረጥ ምክንያት በማግስቱ ደረሰ።» ያን አንዱን የዘገየ ዘገባ ልታወጣው ፈልጋ ነበር፤ እኛ ግን እንዲቀር ተከራከርን። ስድስቱም በቀናቸው ደረሱ ቢባል አንባቢው ያልፈዋል። አንዱ መዘግየቱን ካነበበ ግን «ያን ጊዜ ምን አደረግሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ለዚህም እርስዋ ጥሩ መልስ ነበራት።

መልሷም ይኸ ነው። ዐርብ ማታ የመብራቱን ሁኔታ አይታ፣ መስመሩ ሳይጠፋ፣ ለሦስቱ ባልደረቦቿ ይህን መልእክት ትታ ነበር፦ «የጊምቢ ቅጾች እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ገብተዋል። የቀረኝ የሁለት ቀበሌ ማጣራት ነው። ነገ መስመር ላይኖረኝ ይችላል፤ ካልታየሁ እሑድ ጠዋት እመለሳለሁ። እስከዚያው ሰንጠረዡን አትንኩት፤ አስቸኳይ ከሆነ በስልክ ደውሉ። እናንተ የምትወስኑልኝ አንድ ነገር አለ፦ ዕድሜውን ያልተናገረ ገበሬ ይውጣ ወይስ ይቅር?» ምን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ቀረ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ከሌላው ምን እንደምትፈልግ በአምስት መስመር ተነግሯል። በቀጣሪ ዘንድ «በጽሑፍ መግባባት» ሲባል በአብዛኛው የሚፈለገው ይኸን ዐይነቱ ነው፤ ያማረ ድርሰት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ልማዳችን አንድ ነገር ብንናገር ቅር አትሰኙ። እኛ በቴሌግራም ስንጻጻፍ አስቀድመን «ሰላም፣ እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ ደኅና?» እንልና መልስ እስኪመጣ ጉዳያችንን አንናገርም። በመካከላችን ይኸ ጨዋነት ነው። የስምንት ሰዓት ልዩነት ላለው አለቃ ግን ሰላምታው ብቻ ከደረሰ፣ እርሱ «ደኅና ነኝ» ብሎ ሲመልስ እኛ ተኝተናል፤ ጉዳዩ ሳይነገር አንድ ቀን ይሞታል። ሰላምታውን አትተዉት፤ ነገር ግን ጉዳዩን በዚያው መልእክት ውስጥ አስከትሉት። ከሲቪው ጋር የምትልኩት አጭር ደብዳቤም የጽሑፍ ችሎታችሁ የመጀመሪያ ናሙና መሆኑን አስቡ። «ጥሩ የጽሑፍ ችሎታ አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያን ጊዜ መሰረዝ ይቻላል።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። የመሣሪያ ስም መደርደር ምንም አያስረዳም፤ ዙምን መክፈት ዛሬ የማይችል ተማሪ የለም። የሚጠየቀው በመሣሪያው ውስጥ የማንን ችግር ፈታችሁ የሚለው ነው። በጓደኛችን ሰንጠረዥ ውስጥ የአንዱ ቀበሌ ስም በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ ሲቆጠር አንዱ ቀበሌ ሦስት ሆነ። እርስዋ ስሙ በእጅ መጻፉን አስቀርታ ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ አደረገች። ደግሞም ኔትወርክ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ የተሞሉ ቅጾች ስለ ነበሩ ከ126ቱ ረድፎች 9ኙን አውጥታ 117 አስቀረች፤ የታቀደው 120 ስለ ነበር የጎደሉት ሦስቱ እንደገና እንዲሞሉ ለሻምቡው ባልደረባ ጻፈችለት። መስመሩ እንዲህ ሆነ፦ «አራት ሰዎች የሚጽፉበትን የጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ አስተዳደርሁ፤ የቀበሌ ስሞች ከዝርዝር እንዲመረጡ አደረግሁ፤ ከ126 ረድፎች 9 ድግግሞሽ አግኝቼ አወጣሁ፤ ምክንያቱን በጎናቸው ጻፍሁ።» ከዚህ በኋላ «ጉግል ሺትስ እችላለሁ» ማለት ምን ያስፈልጋል?

ይኸን ሰንጠረዥ ናሙና አድርጎ ማሳየት ይቻላል። ግን የገበሬዎቹ ስምና ስልክ ቁጥር ያለበትን ፋይል መላክ ነውርም አደጋም ነው። ቅጂ አውጥታ እነዚያን ዐምዶች ሙሉ በሙሉ ሰርዛ፣ አሥር ረድፍ ብቻ አስቀርታ፣ ለማንበብ ብቻ የሚከፈት አደረገችው። ከዋናው ፋይል ላይ ዐምዱን ደብቆ መላክ አይበቃም፤ የተደበቀውን ሌላው ቅጂ አውጥቶ ሊገልጠው ይችላል።

በእያንዳንዱ መስመር ላይ እኛ የምናደርገው ፈተና ቀላል ነው። አንዳችን ቀጣሪ ሆነን ሦስት ጥያቄ በተከታታይ እንጠይቃለን፦ እንዴት አደረግኸው? ምን ተበላሸ? የት ላየው እችላለሁ? ባለቤቱ በሁለተኛው ላይ ከተንተባተበ ወይ መስመሩ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ወይም ተጋንኗል፤ ይሰረዛል። ከጓደኛችን ሲቪ በዚህ ዐይነት ሁለት መስመር ወጥቷል።

ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነውና። ሰኔ 2016 የተመረቀ ወንድማችን ያንኑ ቁጥር በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ ጻፈው። የውጭው አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ስለሚያነበው ልጁ ከተመረቀ ወዲህ ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መሰለው። መጻፍ የነበረበት 2024 ነው። ዓመቱን በእነርሱ፣ ወሩን በእኛ አድርጎ ማደባለቅም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ማድረግ ይሻላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከ8 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት እሠራለሁ» ብሎ የጻፈ ሌላ ጓደኛችን ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 2 ማለቱ ነበር፤ ቀጣሪው ግን ጠዋት ጀምሮ ከቀትር በኋላ የሚያቆም መሰለው። በሲቪው አናት ላይ «ነቀምቴ፣ ኢትዮጵያ፤ የሥራ ሰዓት 14:00–20:00፣ UTC+3» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይዘጋዋል። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የበርሊን ግን በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የኒውዮርክም በስምንትና በሰባት መካከል ይለዋወጣል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጥ የሁለቱንም አገር ሰዓት መጻፍ ይገባል።

የቀረው ሥራውን መምረጥ ነው። በስልክ ደንበኛ የሚያነጋግር ሠራተኛ መስመሩ ለአንድ ሰዓት ቢጠፋበት ሥራው ጠፋ ማለት ነው፤ ይኸን ደግሞ የትኛውም ሲቪ አያድነውም። መረጃ ማጣራት፣ የተቀረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ መተርጐም ግን ቀን ተቆርጦላቸው የሚረከቡ ሥራዎች ናቸው፤ ፋይሉ በኮምፒዩተራችን ላይ ካለ መስመር ባይኖርም ይሠራሉ። እዚህ ያደግን ብዙዎቻችን አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛንም ስለምንጽፍ፣ በቋንቋ መስመሩ ላይ «በጣም ጥሩ» በማለት ፋንታ በእያንዳንዱ ቋንቋ ምን እንደ ጻፍን ብንጽፍ ይሻላል። ጓደኛችን መጠይቁን ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰችው ራስዋ እንደሆነች የነገረችን ሲቪው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነበር፤ እንደገና ከፍተን አስገባነው።