«ማንም አልመጣም» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

አንድ ተማሪ በአማርኛ እያሰበ እንዲህ ይጽፋል እንበል፦ «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም አልነበረም። የፈለግሁትን ምንም መጽሐፍ አላገኘሁም። ለማንም አልነገርሁም።» ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ኖባዲ ዋዝንት ዜር»፣ «አይ ዲድንት ፋይንድ ኖ ቡክ»፣ «አይ ዲድንት ቴል ኖባዲ» ይላል። መምህሩ ሦስቱንም በቀይ ያሰምርባቸዋል፤ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት አፍራሽ ቃል አለና።

የስህተቱ ምንጭ «ማንም» ማለት «ኖባዲ» ነው ብሎ መያዝ ነው። «ማንም ሰው መግባት ይችላል» ሲባል ግን ማንም የተከለከለ የለም። ቃሉ በራሱ አያፈርስም፤ አፍራሹ ግሡ ነው። «አልመጣም» ውስጥ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ግሡን ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ «ማንም» ደግሞ ይህን አሉታ ሁሉንም ሰው እንዲሸፍን ያሰፋዋል። ስለዚህ የቅርብ አቻው «ኖባዲ» ሳይሆን «ኤኒባዲ» ነው፤ የ«ምንም»ም «ኤኒቲንግ»።

አማርኛ ራሱ ሁለት እውነተኛ አሉታዎች ሲገናኙ ያጣፋቸዋል። «ወሬውን ያልሰማ የለም» ማለት ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው፤ እዚህ «ያልሰማ» አንድ፣ «የለም» ሌላ አሉታ ነው። «ወሬውን ማንም አልሰማም» ሲባል ግን የሰማ ሰው የለም። ልዩነቱ የመጣው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አንድ አሉታ ብቻ ስላለው ነው።

እንግሊዝኛም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቾሰር አፍራሽ ቃላትን ይደራርብ ነበር። ዛሬም በጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛና በሌሎች ብዙ የንግግር ዘዬዎች «አይ ዲድንት ሲ ነቲንግ» ማለት ምንም አላየሁም ማለት ነው። ተማሪው በፊልምና በዘፈን የሚሰማው ይህ አነጋገር የራሱ ሥርዓት አለው፤ በፈተናና በማመልከቻ የሚፈለገው መደበኛው ጽሑፍ ግን በአንድ ግሥ ዙሪያ አንድ አሉታ ይበቃዋል።

ወደ ተማሪው ዓረፍተ ነገሮች እንመለስ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀላሉ ይቃናሉ፦ «አይ ዲድንት ፋይንድ ኤኒ ቡክ»፣ «አይ ዲድንት ቴል ኤኒባዲ»። የመጀመሪያው ለየት ይላል። «ኤኒባዲ ዋዝንት ዜር» አይባልም፤ «ኤኒባዲ» እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአፍራሹ ቃል በኋላ መምጣት አለበት፤ ባለቤቱ ግን ከግሡ ይቀድማል። ስለዚህ አሉታው ወደ ባለቤቱ ይዛወርና ግሡ ነጻ ይወጣል፦ «ኖባዲ ዋዝ ዜር»።

ጽሑፉን የሚያርም ሰው በየግሡ ዙሪያ «ኖት»፣ «ኖ»፣ «ኔቨር»፣ «ኖባዲ» እና «ነቲንግ»ን ቢቆጥር አብዛኛውን ስህተት ይይዛል። የምታመልጠው «ሃርድሊ» ናት። ትርጉሟ «እምብዛም» ወይም «በጭንቅ» ስለሆነ አፍራሽ አትመስልም፤ አማርኛውም «እምብዛም አልሰማም» ብሎ ግሡን ስለሚያፈርስ ተማሪው «አይ ካንት ሃርድሊ ሂር» ይላል። መደበኛው እንግሊዝኛ «ሃርድሊ»ንም እንደ አሉታ ስለሚቆጥራት ትክክሉ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር» ነው።