የንግሥ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ሲነበብ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በአትላንታ፣ በለንደን ባሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ይነበባል። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች አማርኛውን በከፊል ነው የሚሰሙት፤ ከሌላ አገር ሰው ጋር ትዳር የመሠረቱ ምእመናን አጠገባቸው የቆመ ባል ወይም ሚስት ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ያው ቃል በእንግሊዝኛ ይደገማል። አማርኛው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይዞ ተነቦ እንግሊዝኛው የልደት ግብዣ ጥሪ ሲመስል ግን፣ ልጆቹ ከወላጆቻቸው የተለየ ነገር ሰምተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አንድ ማስታወቂያ ይዘን እንየው። ቃሉ በየደብሩ ከሚነበበው የተለየ አይደለም፦

«በእግዚአብሔር ፈቃድ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚውለው የመላእክት አለቃ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ የንግሥ በዓል እሑድ ኅዳር 14 ቀን በታላቅ ድምቀት ይከበራል። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማኅሌት ተቁሞ፣ ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ታቦተ ሕጉ ወጥቶ ዑደት ያደርጋል። ብፁዕ አባታችን ተገኝተው ቃለ ቡራኬ ይሰጣሉ። ስእለት ያላችሁ ስእለታችሁን ይዛችሁ፣ ምእመናን በሙሉ ነጭ ለብሳችሁ በመገኘት የበረከቱ ተሳታፊ እንድትሆኑ በልዑል እግዚአብሔር ስም ጥሪያችንን እናስተላልፋለን።»

ተርጓሚው መጀመሪያ የሚወድቀው ቀላል በመሰለው ቦታ፣ በቀኑና በሰዓቱ ላይ ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2025፣ ዓርብ ነው። ውጭ አገር ዓርብ የሥራ ቀን ስለሆነ በዓሉ ወደ እሑድ ኖቬምበር 23 ተሻገረ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም መናገር አለበት፤ እሑዱን ብቻ ከጻፈ ልጁ የሚካኤል ቀን በየዓመቱ የሚንከራተት ይመስለዋል። ኅዳር 12ን ሁልጊዜ ኖቬምበር 21 ብሎ በቃል መያዝም አያዋጣም። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት አንድ ቀን ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. ኖቬምበር 22 ላይ ውሎ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል።

ሰዓቱ የባሰ ነው። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለውን አንዱ ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ስምንት ላይ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኛል። ሌላው ሰዓቱን በትክክል ወደ ሁለት ሰዓት ይለውጥና ቀኑን «ሳተርደይ» ብሎ ይተወዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ይህ ሰውን አንድ ቀን አስቀድሞ ይጠራል። ትክክለኛው እሑድ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት፣ «ሰንደይ፣ ቱ ኤ ኤም» ነው። አጠገቡ «የቅዳሜው ሌሊት ሲያልፍ» የሚል ማብራሪያ ቢጨመርበት ማንም አይሳሳትም። ይህ የአክብሮት ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ ልጆቹን አልብሶ የመጣ ሰው ማኅሌቱ ካለፈ በኋላ ከደረሰ፣ ቃሉ ምንም ቢያምር ጥሪው አልከበረም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። «የንግሥ በዓል» መዝገበ ቃላት ይዞ ለሚተረጉም «ኮሮኔሽን» ሆኖ ይወጣል። ይህን የሰማ የእንግሊዝ ልጅ በለንደን ዘውድ የጫነ ንጉሥ ነው የሚታየው። «ሴሌብሬሽን» ደግሞ ለምረቃም ለልደትም ስለሚሆን ምንም አይነግረውም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ለዚህ ከጥንት የያዙት ቃል አላቸው፦ «ፌስት»። በተራ ንግግር ድግስ ማለት ቢሆንም ከቅዱስ ስም ጋር ሲሄድ የበዓል ቀን መሆኑን ማንም ይረዳል። «ዘ አንዩዋል ፌስት ኦፍ ሴንት ማይክል ዚ አርክኤንጅል» ሲባል «የመላእክት አለቃ» የሚለውም በአንድ ቃል ተጠቃለለ ማለት ነው። «ቺፍ ኦፍ ኤንጅልስ» ያለ ተርጓሚ ቃሉን በቃል ቢያስቀምጥም መልአኩን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ያስመስለዋል።

«በታላቅ ድምቀት» የሚለው የአገራችን የእንግሊዝኛ ዜና ለዓመታት «ከለርፉሊ» ሲለው የኖረ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ዓይን ብቻ የሚያየውን፣ የሰንደቁንና የጃንጥላውን ቀለም ይናገራል። አማርኛው ግን የካህናቱን ልብስ፣ የመዘምራኑን ድምፅና የሕዝቡን ደስታ በአንድ ላይ ነው የያዘው። እኔ «ዊዝ ግሬት ሶለምኒቲ ኤንድ ጆይ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ክብርና ደስታ በሁለት ቃል ተከፍለው ይገባሉ።

ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ታቦቱ ነው። «ታቦት» የሚለውን ጋዜጦችና የጉብኝት መጻሕፍት «ሪፕሊካ» እያሉ ይገልጹታል። ቃሉ የተሠራ አምሳያ፣ በሙዚየም ሱቅ የሚሸጥ ዓይነት ቅጂ ያስመስለዋል። ካህኑ ተሸክሞት ሲወጣ መሬት የሚሳለም ምእመን በፊቱ ያለውን ነገር በዚያ ስም አይጠራውም፤ ማስታወቂያውም ሊጠራው አይገባም። እዚህ ላይ መተርጎም አያስፈልግም፤ «ዘ ሆሊ ታቦት» ብሎ ስሙን ማቆየት ይበቃል። ለእንግዳ የሚያስፈልገው ማብራሪያ በታተመው ወረቀት ግርጌ ይግባ እንጂ በንባቡ መካከል አይግባ። «ዑደት ያደርጋል» ደግሞ «ፕሮሴሽን» እንጂ «ፓሬድ» አይደለም፤ ፓሬድ የሰልፈኛ ነው። በአማርኛ ታቦቱ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይዞራል እንላለን፤ ተሸካሚዎቹ ካህናት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉም። በእንግሊዝኛ ይህን ወደ «ካህናቱ ታቦቱን ያወጡታል» መገልበጥ ይቀናል። እንዲያ ከሆነ ባለቤቱ ታቦቱ መሆኑ ይቀርና ዕቃ ይሆናል። «ዘ ሆሊ ታቦት ዊል ጎ ፎርዝ ኢን ፕሮሴሽን» ካልን ግን የአማርኛው ሥርዓት ሳይፈርስ የእንግሊዝኛውም ሰዋስው ይጸናል።

ስለ ብፁዕ አባታችን ስንናገር አማርኛ ክብሩን በግሡ ውስጥ ያስቀምጠዋል፦ ተገኝተው፣ ይሰጣሉ። እንግሊዝኛ ይህ መሣሪያ የለውም፤ ለሊቀ ጳጳሱም ለዘበኛውም «ሂ» አንድ ነው። መፍትሔው ተውላጠ ስሙን መተውና ማዕረጉን በቦታው መድገም ነው። አንድ ጊዜ «ሂስ ግሬስ አቡነ» ብሎ ስማቸውን ከጠራ በኋላ፣ ቀጥሎ «ሂ» በሚመጣበት ሁሉ «ሂስ ግሬስ» ይባል። ለፓትርያርኩ «ሂስ ሆሊነስ» ነው። ለሊቀ ጳጳስ «ሂስ ኤሚነንስ» የሚሉም ስላሉ ሀገረ ስብከቱ በራሱ ደብዳቤ ላይ የሚጠቀምበትን መከተል ይሻላል። የአገልጋዮች ማዕረግ ግን አይተረጎምም። መልአከ ሰላም የተባሉት አባት «ኤንጅል ኦፍ ፒስ» ተብለው ሲጠሩ ልጆች ሊስቁ ይችላሉ፤ ጥፋቱ ግን የልጆቹ አይደለም። ማዕረጉን እንዳለ በፊደላቸው ጽፎ ስሙን ማስከተል ነው።

አንዳንዶች አክብሮት የሚመጣው ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ይመስላቸውና «ዪ ፌይዝፉል» እያሉ ምእመናንን ይጠራሉ። ያ ቋንቋ በጸሎት ውስጥ ቦታ አለው። በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማርቆስ ዳውድ ተርጉመውት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያረሙት የእንግሊዝኛ ቅዳሴ ለዚህ ጥሩ መምህር ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቃላት በእንግሊዝኛ ምን እንደተባሉ መጀመሪያ እዚያ መፈለግ ይገባል። ማስታወቂያ ግን ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሰው የሚነገር ነው። በዘመኑ እንግሊዝኛ፣ ሳይጣደፍና ሳያጥር ቢነገር ክብሩ አይጎድልም። መቅረት ያለባቸው የወዳጅ ንግግር አጽሕሮቶች ናቸው፤ «ዊል» ተብሎ የሚነበበው ተቆርጦ ከተውላጠ ስሙ ጋር ሲጣበቅ ድምፁ ወዲያው ይወርዳል።

«በእግዚአብሔር ፈቃድ» የሚለው መክፈቻም አለ። «ጋድ ዊሊንግ» የሚለው በተራ እንግሊዝኛ «ካልሆነም እናያለን» የሚል ጥርጣሬ አለበት። «ባይ ዘ ዊል ኦፍ ጋድ» ግን እንደ አማርኛው የጸና ነው። ከፊቱ መቆየትም አለበት። እንግሊዝኛ መቼና የት የሚለውን ማስቀደም ስለሚወድ ብዙዎች የአምላክን ስም ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጅራት ይገፉታል፤ እርሱ ግን የንግግሩ በር ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ረጅም ስለሆነ መከፈል አለበት፤ በአንድ ትንፋሽ ከተነበበ አድማጩ መሐል ላይ ይጠፋል። ስእለት «ዶኔሽን» አይደለም። ዶኔሽን ሰው ከፈቃዱ የሚሰጠው ነው፤ ስእለት ግን ለእግዚአብሔር የተገባ ቃል ፍጻሜ ስለሆነ «ቫው» የሚለው ቃል መግባት አለበት። «ነጭ ለብሳችሁ» የሚለውን «ድሬስ ኮድ» ያደረገ ተርጓሚ ምእመኑን የሆቴል እንግዳ አደረገው፤ «ነጠላችሁን ለብሳችሁ ኑ» የሚል ትሑት ግብዣ ይበቃል። «የበረከቱ ተሳታፊ» ላይ «ፓርቲሲፔት» የሚለው የስፖርት ቃል ነው። የቤተ ክርስቲያን እንግሊዝኛ ለማዕድም ለበረከትም «ፓርቴክ» ይላል።

ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት በዚያው ማስታወቂያ ላይ ከተጨመረ «ፋስት ኦፍ ዘ ፕሮፌትስ» ነው። «ፌስት» እና «ፋስት» በጽሑፍ የሚለዩት በአንዲት ፊደል መሆኑን አስተውሉ፤ ፊደል አራሚው ኮምፒውተር ሁለቱንም ትክክል ስለሚላቸው ስሕተቱን የሚይዘው ሰው ብቻ ነው።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሁለት ሰው ይየው። አንዱ ማዕረጉንና ሃይማኖቱን የሚያርም ካህን ወይም ዲያቆን፣ ሁለተኛው እዚያው ያደገ ወጣት ይሁን። ወጣቱ ጮክ ብሎ ያንብበውና ምን እንደሰማ በራሱ ቃል ይናገር። «ፓርቲ አለ» ካለ ከየትኛው ቃል እንደመጣ ፈልጎ ማረም ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች ሆይ፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ለተርጓሚው እሑድ ጠዋት በቅዳሴ መካከል ሳይሆን ሐሙስ ስጡት።