ልጁ «አስራ ሦስት»ን 103 ብሎ ከጻፈ የማሽላ አገዳ አምጡለት

1ኛ ክፍል የገባ ወይም ሊገባ ያለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ወረቀትና እስክርቢቶ ስጡትና «አስራ ሦስት ብለህ ጻፍ» በሉት። ብዙ ልጆች 103 ብለው ይጽፋሉ። «ሃያ አምስት» ስትሉት ደግሞ 205 ይመጣል። ቤተሰቡ ይስቃል፣ አንዳንዱም ይቆጣል። ልጁ ግን የሰማውን ነው የጻፈው። አስር ሲባል ሰማ፣ 10 ጻፈ። ሦስት ሲባል ሰማ፣ 3 ጨመረበት።

እንዲያውም ይሄ ልጅ በግዕዝ ቁጥር ቢጽፍ ኖሮ ልክ ነበር። ፲፫ ማለት እንደዚያ ነው፤ ፲ አስር፣ ፫ ሦስት፣ ጎን ለጎን። ግዕዝ ለአስር የራሱ ምልክት አለው፣ ዜሮ ደግሞ የለውም። ትምህርት ቤት የምንጠቀምበት አጻጻፍ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ በ13 ውስጥ ያለችው 1 «አንድ» ሳትሆን «አንድ አስር» መሆኗን ከቆመችበት ቦታ ብቻ ማወቅ። ይሄን በቃል ብታስረዱት ልጁ አንገቱን ይነቀንቅላችኋል እንጂ አይገባውም። በእጁ ሊይዘው ይገባል። የሚይዘው ነገር ደግሞ በቆቦ ሜዳ ከማሽላ አገዳ በላይ የትም የለም።

ቆላው ራያ የማሽላ አገር ነው። ህዳርና ታህሳስ አጨዳው ሲያልቅ አገዳው በየግቢው ይከመራል፤ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ለማገዶ ይሆናል፣ ለአጥር ይሆናል። ልጆችም ያውቁታል፤ ልጡን ልጠው ከውስጡ ባለው ለስላሳ ነገር መነጽር፣ መኪና፣ በሬ ምናምን ይሠሩበታል። ለቁጥር ሲሆን ግን አሠራሩ ትንሽ ይለያል። በተለይ በዚህ አካባቢ ቤት ውስጥ መሠራቱ ይጠቅማል፤ ከ2013 ጀምሮ በጦርነትና በግጭት ምክንያት ትምህርት ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። ኦ ክፍልን ሳያይ በቀጥታ 1ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ አለ፤ እድሜው ሄዶ ቤት የቀረም አለ።

የምትፈልጉት የአገዳውን ቀጭን ክፍል ነው። ከማሽላው ራስ በታች እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ያለውን ውሰዱ። እዚያ ላይ አንጓ ስለሌለ ቀጥ ያለና ለስላሳ ነው፤ ውፍረቱም ከእስክርቢቶ ጋር ይቀራረባል። የታችኛው ወፍራም ክፍል ለዚህ አይሆንም፤ አስሩ አንድ ላይ ሲታሰር የልጅ እጅ አይችለውም። እያንዳንዱን ቁራጭ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጉት። ከአንድ አገዳ ሦስት ያህል ይወጣል፣ ስለዚህ ለ50 ቁራጭ 17 አገዳ ይበቃል፤ ላሟ ብዙም አይጎድልባትም።

ቆረጣው የአዋቂ ሥራ ነው። የአገዳ ልጥ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ነው፣ ጣት ይቆርጣል። ዝም ብላችሁ ከሰበራችሁት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ በቢላዋ ዙሪያውን ጭረት አድርጉና ከዚያ ስበሩት። ጫፉን ድንጋይ ላይ ፈተግ ፈተግ ካደረጋችሁት አይወጋም። እርጥብ አገዳ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የታሰረውም ይላላል፣ ሊሻግትም ይችላል። ትንሽ ቀዳዳና ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁበት የአገዳ ቆርቁር ገብቶበታልና ጣሉት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ጨዋታው ሲያልቅ ሰብስባችሁ ከፍ ያለ ቦታ ስቀሉት፤ ሕፃኑ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ መሬት ላይ ካደረም ምስጥ ያገኘዋል። የማስቀመጫ ነገር ስትፈልጉ የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ በፍጹም አትንኩ፤ ቢታጠብም አይሆንም።

ማሰሪያው ደግሞ ከአገዳው እኩል ወሳኝ ነው። በቃጫ ወይም በክር ከታሰረ ትንሽ ልጅ ራሱ መፍታትና ማሰር አይችልም፣ ሁልጊዜ እናንተን ይጠራል። ጎሚስታ ቤት ሂዱና የተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪ ጠይቁ። እንደ ቀለበት ስስ ስስ አድርጋችሁ በመቀስ ስትቆርጡት የላስቲክ ማሰሪያ ይሆናል፤ ሳብ ሲደረግ አስር ቁራጭ አጥብቆ ይይዛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። መጀመሪያ 20 ቁራጭ ብቻ ስጡት፣ ሳይታሰር። እየነካ ይቁጠር። አፉ ከእጁ ከቀደመ፣ ማለትም አምስት እያለ ገና ሦስተኛውን እየነካ ከሆነ፣ ቁራጩን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ እያስቀመጠ እንዲቆጥር አድርጉ። ቆጥሮ ሲጨርስ «ስንት ናቸው?» በሉት። መልሶ ከአንድ መቁጠር ከጀመረ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቀናት ቢወስድም አትለፉት።

ሲገባው አንድ ሕግ ታወጣላችሁ፤ አስር ሲሞላ ይታሰራል። ያልታሰረ ከዘጠኝ በላይ አይቀመጥም፣ አለቀ። ገበያ ላይ አንድ እስር ጎመን እንደሚባለው አንድ እስር አገዳ በሉት፤ እስርና አስር ድምፃቸው መቀራረቡም ይረዳል። መሬት ላይ በመሐል መስመር አስምሩ። ግራው የእስር ቦታ፣ ቀኙ የነጠላ ቦታ ነው። ልጁ ካለበት በኩል ግራና ቀኝ መሆኑን እዩ፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ ለራሳችሁ ካደረጋችሁት ለእሱ ይገለበጥበታል።

አስራ ሦስት በሉት። ግራው ላይ አንድ እስር፣ ቀኙ ላይ ሦስት ነጠላ ያስቀምጣል። «ሃያ»፣ «ሠላሳ»፣ «አርባ» ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቻይናዊ ልጅ ሃያን በቋንቋው «ሁለት አስር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቃሉ ራሱ ይነግረዋል። የእኛ «ሃያ» ከ«ሁለት» ጋር በድምፅ አይገናኝም፤ ስለዚህ ሃያ ሁለት እስር መሆኑን ዓይኑ ማየት አለበት።

ከዚያ ካርድ። የሳሙና ወይም የፓስታ ካርቶን ቁረጡና ከ10 እስከ 90 ያሉትን አስሮች እያንዳንዳቸውን 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ካርድ ላይ ጻፉ። ከ1 እስከ 9 ያሉትን ደግሞ በግማሹ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ካርድ ላይ። ቁመታቸው እኩል ይሁን። ልጁ አንድ እስር ሲያስቀምጥ 10 የሚለውን ካርድ ያነሳል፣ ለሦስቱ ነጠላ 3ን ያነሳል። 3ን በ10 ዜሮ ላይ ልክ አድርጎ ሲደርበው 13 ይነበባል። ዜሮዋ የት ሄደች? ከ3 ሥር ነች፤ ገልጦ ያያታል። ይሄ ካርድ መደራረብ በሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች በእንጨትና በውድ ካርቶን የሚሠራው ነው፤ የሳሙና ካርቶኑም ያንኑ ያሳያል። 103 የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ለምን ቆርኪ ወይም ጠጠር አይሆንም? ለመቁጠር ይሆናል። ግን አይታሰርም። የአስር ብር ኖትም እንዲሁ፤ በውስጡ አስር ነገር አይታይም፣ ልጁ ስለነገራችሁት ብቻ ነው የሚያምነው። እስሩ ሲፈታ ግን አስሩም እዚያው አሉ።

መፍታቱ ዋጋው የሚታየው ቅነሳ ላይ ነው። 32 ሲቀነስ 15 እንበል። ብዙ ልጅ ደብተር ላይ 23 ይላል፤ ከ2 ላይ 5 አልነሳ ስላለው ገልብጦ ከ5 ላይ 2 ይቀንሳል። በአገዳው ይሞክረው። ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ አለው። «አስራ አምስት ስጠኝ» በሉት። አምስት ነጠላ ሊሰጣችሁ ይፈልጋል፣ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ዝም በሉት፤ ትንሽ ይጨነቅ። እምቢ ካለው «ሱቅ ዝርዝር ሲጠፋ ምን ይደረጋል?» በሉት። አንዱን እስር ይፈታል፣ ይዘረዝራል። አሁን ሁለት እስርና 12 ነጠላ ሆነለት። አምስት ነጠላ ሰጣችሁ፣ 7 ቀረው። አንድ እስር ሰጣችሁ፣ አንድ ቀረው። 17። ደብተሩ ላይ «መበደር» የሚባለው ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ራሱ ያደናግራል፤ ማንም የተበደረ የለም፣ ተዘረዘረ እንጂ።

ገብቶታል ወይስ እጁ ለምዶ ነው? ሁለት መፈተኛ አለ። ሁለት እስርና አራት ነጠላ አስቀምጡለትና ስንት እንደሆነ ጠይቁት። እስሩ ውስጥ ያሉትን አንድ፣ ሁለት እያለ ከቆጠረ ገና ነው። «አስር፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ…» ካለ ይዞታል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ 16 ቁራጭ ሳይታሰር በትኑ፣ ወረቀት ላይ 16 ጻፉ፣ ከዚያ 1ን በጣታችሁ እያሳያችሁ «ይቺን በአገዳ አሳየኝ» በሉት። አንድ ቁራጭ ብቻ የሚያነሳ ልጅ 16ን በትክክል ቢጽፍም አስሩ አልታየውም። አትንገሩት፤ ወደ ማሰሩ መልሱት።

አገዳው ለሁልጊዜ አይደለም። እስከ 50 ሲለምድ በነጠላ ወይም በሻሽ ሸፍኑትና «ከሥር አራት እስርና አንድ ነጠላ አለ፣ ዘጠኝ ብጨምርበት?» እያላችሁ ሳያይ እንዲመልስ አድርጉ። ከጠፋበት ገልጦ ይይ። ከመቶ በላይ ላለው ቁጥርና ለማባዛት አገዳው ይበዛል፣ ጊዜም ይፈጃል። መቶን ግን አንድ ጊዜ ማሳየቱ አይቀርም፤ አስሩን እስር ሰብስቡና በቃጫ አንድ ላይ እሰሩት። ይሄኛውን እናንተ እሰሩት፣ የእሱ እጅ አይዞርበትም።