የፊልተርን የቦዴ ግራፍ እንዴት እናንብብ?

ሁለት ዕቃ ብቻ እንውሰድ፦ አንድ የ1.6 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ የ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር። ሲግናሉ በሬዚስተሩ አንድ ጫፍ ይገባል። ካፓሲተሩ ከሬዚስተሩ ሌላ ጫፍ ተነስቶ ግራውንድ ላይ ይገናኛል። የሚወጣውን ቮልቴጅ የምንለካው በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ነው። ይህ ሰርኪዩት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያሳልፋል፣ ከፍተኛውን ያዳክማል። ግን «ከፍተኛ» ማለት ከስንት ጀምሮ ነው? ምን ያህልስ ያዳክማል? መልሱን በአንድ እይታ የሚያሳየን የቦዴ ግራፍ ነው። ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ይሠራ ከነበረው ከሄንድሪክ ቦዴ ነው።

ግራፉ ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ሥዕሎች አሉት። የላይኛው ሲግናሉ ምን ያህል እንደቀነሰ በዴሲቤል ያሳያል፦ 0 ማለት የገባው ሳይቀንስ ወጣ፣ −20 ማለት ቮልቴጁ አንድ አስረኛ ሆነ፣ −40 ማለት አንድ መቶኛ ሆነ ነው። የታችኛው ደግሞ የወጣው ሞገድ ከገባው ምን ያህል እንደዘገየ በዲግሪ ያሳያል። አግድሙ መስመር ፍሪኩዌንሲ ነው፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ እኩል እርምጃ አስር እጥፍ ነው፦ 10፣ 100፣ 1,000፣ 10,000 ኸርዝ።

አሁን የላይኛውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉት። መጀመሪያ 0 ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል፣ ከዚያ ጎንበስ ይላል። የመታጠፊያው ቦታ መቁረጫ ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ የሚሰላውም በ f = 1/(2πRC) ነው። የእኛን ቁጥሮች ብናስገባ 1 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይመጣል።

«መቁረጫ» የሚለው ስም ግን እንዳያሳስታችሁ፤ እዚያ ላይ ምንም ነገር በድንገት አይቆረጥም። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ካፓሲተሩ ልክ እንደ ሬዚስተሩ 1.6 ኪሎ ኦም ያህል ይቋቋማል። ታዲያ እኩል ከሆኑ ቮልቴጁን ግማሽ በግማሽ አይካፈሉም? አይካፈሉም። የሁለቱ ቮልቴጆች ከፍታቸው ላይ የሚደርሱት በተለያየ ጊዜ ነው፤ በመካከላቸው 90 ዲግሪ አለ። ስለዚህ የሚደመሩት እንደ ማዕዘናዊ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ነው። እኩል ጎኖች ሲሆኑ እያንዳንዱ የረጅሙ ጎን 0.707 ይሆናል። 1 ቮልት ብናስገባ 0.707 ቮልት እናገኛለን። በዴሲቤል −3 የሚባለው ይኸው ነው።

ከመታጠፊያው በኋላ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፍሪኩዌንሲው አስር እጥፍ ሲያድግ የካፓሲተሩ ተቃውሞ በአስር ይካፈላል፤ የሚወጣው ቮልቴጅም እንዲሁ። ለዚህ ነው ቁልቁለቱ በየአስር እጥፉ −20 ዴሲቤል የሚሆነው። በ10 ኪሎ ኸርዝ 0.1 ቮልት፣ በ100 ኪሎ ኸርዝ 0.01 ቮልት ይቀራል። ቁልቁለቱ −40 የሆነ ግራፍ ካያችሁ ደግሞ አንድ ካፓሲተር ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ደረጃዎች አሉ ማለት ነው።

ወደ ታችኛው ሥዕል እንውረድ። ካፓሲተር ቻርጅ ለመሆን ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚወጣው ሞገድ ከገባው ኋላ ይቀራል። መዘግየቱ በ100 ኸርዝ 6 ዲግሪ ገደማ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ ልክ 45፣ በ10 ኪሎ ኸርዝ 84 ገደማ ነው፤ ወደ 90 ይጠጋል እንጂ አይደርስም። 45 ዲግሪ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ነው። በ1 ኪሎ ኸርዝ አንድ ዙር 1 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ፣ ኦሲሎስኮፕ ላይ ሁለቱን ሞገዶች ብታዩ በ125 ማይክሮ ሰከንድ ተራርቀው ታገኟቸዋላችሁ። ልብ በሉ፦ ላይኛው መስመር ገና ጠፍጣፋ መስሎ ሳለ ታችኛው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከፍታው አልተነካም ማለት ሲግናሉ ፈጽሞ አልተነካም ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ ስሌትና ልኬት የማይገጥሙት በሌላ ምክንያት ነው፤ ፊልተሩ ላይ የሚገናኘው ዕቃ ይረሳል። የእኛ ፊልተር መውጫ ላይ ሌላ የ1.6 ኪሎ ኦም ጭነት ብታገናኙ፣ ጠፍጣፋው ክፍል ከ0 ወደ −6 ዴሲቤል ይወርዳል፣ መታጠፊያውም ወደ 2 ኪሎ ኸርዝ ይሸሻል። ካፓሲተሩ ሳይለወጥ ፊልተሩ ሌላ ፊልተር ሆነ ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠፍጣፋው መስመር 0 ላይ ካልተቀመጠ መጀመሪያ ጭነቱን ጠርጥሩ። ጭነቱ ከሬዚስተሩ አስር እጥፍ ማለትም 16 ኪሎ ኦም ከሆነ ግን ጠፍጣፋው ክፍል 1 ዴሲቤል እንኳ አይወርድም፣ መታጠፊያውም ከ1.1 ኪሎ ኸርዝ ብዙም አይርቅም።