«ድንገት ገባብኝ»

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ጋቢና ነበርኩ። ሹፌሩ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «ወንድሜ፣ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ፤ እስቲ ይህን እይልኝ» አለኝ። ፍሬን ሲይዝ አንዲት ተሳፋሪ እጇ ስለተሰበረበት ቀን የጻፈው ነው፤ አንዱ ቅጂ ለባለመኪናው፣ ሌላው ለትራፊክ ፖሊስ።

ለፖሊስ በጻፈው ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ሌላ ሚኒባስ ሰው ሊጭን «አምስት ሜትር ፊቴ ድንገት ገብቶ ቆመ» ይላል። ግጭት ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ሒሳቡ አይገጥምም። በዚያ ፍጥነት መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ዘጠኝ አሥር ሜትር ይጨምራል። በድምሩ ሃያ ሜትር ግድም ነው። ርቀቱ በእርግጥ አምስት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መኪኖች ይጋጩ ነበር።

ስጠይቀው ሳቀ። «ዓይኔ እግረኛ መንገድ ላይ ነበር፤ ሰው እጁን ሲያነሳ አይቼ። ቀና ስል ቆሟል። ተንጠልጥዬ ነው ፍሬኑን የያዝኩት! ለባለመኪናው ይህን ብጽፍ ቁልፉን ይቀበለኛል፤ ለትራፊኩ ብጽፍ መንጃ ፈቃዴን። የቀን ገቢውን ግን ሁለቱም አይከፍሉልኝም፤ ሰው ካልጫንኩ ከየት ላምጣው?»

ለባለመኪናው በተጻፈው ቅጂ ላይ ሴትየዋ «ወንበር ላይ ተቀምጣ» ነበር ይላል። ለፖሊሱ በተሰጠው ላይ ያለችበት ቦታ ጨርሶ አልተጻፈም። የተቀመጠችው ግን በሩ አጠገብ፣ ረዳቱ ለትርፍ ሰው ባስቀመጣት ዱካ ላይ ነበር። ዱካ መደገፊያም ቀበቶም የለውም፤ መኪናው ሲቆም ሰውነት ጉዞውን ይቀጥላል፤ እሷም በእጇ ልትመክት ስትሞክር አንጓዋ ላይ ተሰበረ። ቦታዋ ከታወቀ ጥያቄው ከፍሬኑ ወደ ትርፍ ይዞራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቀድሞዎቹን ውይይት ታክሲዎች የምታስታውሱ፣ ተሳፋሪው በጎንና በጎን አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ በፍሬን ጊዜ ሁሉም ወደ ጋቢናው ተንሸራቶ እርስ በርሱ ይደራረብ እንደነበር ታውቃላችሁ። ስሙንም ያገኘው በዚሁ አቀማመጥ ከሚደራው ወግ ነው። ሚኒባሱ ተሳፋሪውን ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ በወንበር አስቀመጠው፤ ዱካዋ ደግሞ ወደ ድሮው መለሰችው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለንብረቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። ታዲያ ባለመኪናው ስለ ዱካዋ ላለመስማት ምክንያት አለው። የአደጋ ፕላን ሲነሣ የተጎጂው መቀመጫ ይመዘገብ እንደሆነ አንድ የትራፊክ ኃላፊ ጠይቄ ነበር፤ «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እኔ የጠየቅሁት ስለ አንድ ጉዳይ አልነበረም።

ባለመኪናው የራጁንና የጄሶውን ከፍሏል። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተሰበረው ቀኝ እጇ ነው። ሳትሠራ ስለምትቆይበት ጊዜ በሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ መስመር የለም።