ከመልስ ማግስት የተላከ መልእክት

አማርኛ ጾታና አክብሮት ሳይለይ ደኅንነት እንኳ ለመጠየቅ አይመችም፤ የመጀመሪያ መልእክት የሚከብደውም በዚህ ነው። አንድ ሚዜና የሙሽራዋ የአክስት ልጅ በመልሱ ዕለት ተዋወቁ እንበል። ስልክ የተለዋወጡት ለፎቶ ነው። በማግስቱ ማታ ሚዜው በቴሌግራም «እንደምን አመሹ» ብሎ ጻፈና አጠፋው፤ በእኩዮች መካከል «እርስዎ» ያራርቃል። «እንዴት አመሸሽ» ደግሞ ድፍረት መሰለው። በመጨረሻ «ሰላም፣ የመልሱ ፎቶዎች እነዚህ ናቸው። ሁላችሁም በሰላም ገባችሁ?» ብሎ ላከ። «ሁላችሁም» ቤተሰቡን በሙሉ ስለሚያቅፍ ከምርጫው አዳነው፤ ብልህ መውጫ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፦ «በሰላም ገብተናል፣ እናመሰግናለን። አንተስ?» «እናመሰግናለን» ገና የቤተሰብ ቃል ነው። በሩን የከፈተችው «አንተስ» ናት፤ ከእሷ ወዲያ እሱም «አንቺ» ማለት ይችላል።